ረጅም ፈቃድ ልወጣ ነው፣ ላልመለስም እችላለሁ። ባልደረቦቼን ምን ብዬ ልሰናበታቸው?

ሳርቤት እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አንድ አስመጪ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ነው የምሠራው። ደመወዝ አዘጋጃለሁ፣ ፒቲ ካሽም እኔ ጋ ነው። በቅርቡ ወልጄ፣ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ የዓመት ዕረፍቴን ጨምሬበት ተመልሻለሁ። ልጁን የያዘችልኝ እናቴ ነበረች። አሁን አባቴ ስለታመመ ደሴ መመለስ አለባት። ሞግዚት ፈልገን አገኘን፣ ሳምንት ሳትቆይ ሄደች። ሌላዋ የጠየቀችን ከደመወዜ ግማሽ በላይ ነው። ልጁ ደግሞ ጡጦ እንቢ ብሏል። ቢሮ ውስጥ ጡቴን የማልበው ማህደር ክፍል ገብቼ፣ በሩን በወንበር ደግፌ ነው። በሩ ከውስጥ አይቆለፍም። አንድ ሰው ፋይል ፈልጎ በመጣ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ ወተቱም ይቆማል።

ከባለቤቴ ጋር መክረን ስድስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቅኩ። ከጥቅምት 1 እስከ መጋቢት 30። ሥራ አስኪያጁ «እሺ፣ ችግር የለም» ብሎኛል። ከዚያ በኋላ እመለሳለሁ ወይ? እውነቱን ለመናገር አላውቅም።

አሁን ለቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ መሰናበቻ መጻፍ አለብኝ። የጻፍኩት ይኸው፦

«ውድ ባልደረቦቼ፣ በግል ምክንያት ከጥቅምት 1 ጀምሮ ከእናንተ ጋር አልሆንም። አብረን ባሳለፍነው ጊዜ ላደረጋችሁልኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ደህና ሁኑ።»

ሳነበው ቀዘቀዘብኝ። እነዚህ ሰዎች በሕዝብ ሚኒባስ ተሳፍረው አራስ ሊጠይቁኝ የመጡ፣ ገንፎ አብረውኝ የበሉ ናቸው። «እመለሳለሁ» ብዬ ብቀር ዋሸኋቸው። «አልመለስም» ካልኩ ደግሞ በሩን በገዛ እጄ መዝጋቴ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ሂክማ

ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አላህ ያሳድግልሽ። መልቀቂያ ስትጽፊ ለሥራ አስኪያጅ ነው እንጂ ለሠራተኛ አይደለም። ቀን፣ የሥራ መደብ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ ፊርማ። አታስረዝሚው። የሥራ ልምድ ወረቀትሽን ሳትይዢ ደግሞ እንዳትወጪ።

ሳርቤት እናት

አሜን ሂክማዬ። እየለቀቅኩ ግን አይደለም፤ ፈቃድ ነው። ቢያንስ ለጊዜው።

ደረጀ ዘቃሊቲ

እህቴ ምንም አትጨነቂ። የወለደች ሴት እስከ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ የመውጣት መብት አላት፣ ቦታዋም ይጠበቅላታል። ሕጉ ነው። የኔ ባለቤት አድርጋዋለች። ስለዚህ ግሩፑ ላይ «እመለሳለሁ» ብለሽ በድፍረት ጻፊ። ያኔ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ማን ይጠይቅሻል?

ፐርሶኔል ነኝ

የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የደረጀ ነገር ግማሹ ልክ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የተቀመጠው የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ፈቃድ በአሠሪው ይሁንታ የሚሰጥ ነው። ሠራተኛ ይጠይቃል፣ አሠሪ ሊፈቅድም ላይፈቅድም ይችላል። ግን አንዴ ከፈቀደ ሕጉ ያውቀዋል። የሥራ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ጊዜው ባለቀ ማግስት ሪፖርት ታደርጊያለሽ፣ እሱም ወደ ሥራሽ ሊመልስሽ ይገባል።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ነው የፈራሁልሽ። በእጅሽ ያለው «እሺ፣ ችግር የለም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ነገ ሥራ አስኪያጁ ቢቀየር ያንን ቃል ማን ያስታውሰዋል? ያለ ወረቀት የቀረ ሰው ከሥራ የቀረ ሰው ነው። የወለደችን ሴት ማሰናበት የሚከለክለው ጥበቃም ከወሊድ በኋላ ለአራት ወር ነው። የዓመት ዕረፍት ጨምረሽ ከተመለስሽ እሱም ሳያልቅ አልቀረም።

ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ይኑር። ፈቃዱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ያለ ደመወዝ መሆኑ፣ ስትመለሺ የምትይዢው የሥራ መደብ። ማህተም ያለበትን ኮፒ ያዢ። መሰናበቻው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ደረጀ ዘቃሊቲ

እኔ ያልኩት በኛ ፋብሪካ የሆነውን ነው። አንድ ዓመት ተሰጥቷታል፣ ተመልሳም ገብታለች።

ፐርሶኔል ነኝ

ደረጀ፣ እናንተ ጋ የሠራተኛ ማኅበር አለ አይደል? የኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ መስጠት ይችላል። እህታችን የምትሠራው ትንሽ አስመጪ ቤት ነው፣ ማኅበር ያላቸው አይመስለኝም።

ሳርቤት እናት

የለንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ እኔ ስወልድ 12 ሳምንት ነው ያገኘሁት፣ እሱም ያለ ክፍያ። የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው እሱን ነው፣ ያውም ድርጅቱ 50 ሠራተኛ ካለውና አንቺ ዓመት ከሠራሽ። የመጨረሻ ቀኔ ዕለት ኬክ ቆረጡልኝ፣ ሁሉም «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይለኛል፣ እኔም እየሳቅኩ ቀን እነግራቸዋለሁ። ውስጤ ግን እንደማልመለስ ያውቅ ነበር። የሁለት ልጅ ዴይኬር ከደመወዜ አይተርፍም። በኋላ ለአለቃዬ በኢሜይል ነገርኳት። ሌሎቹን ደግሜ አላየኋቸውም። አንዷ ከኔ ጋር በየቀኑ ምሳ ትበላ ነበር፣ ኢትዮጵያዊት ናት። ለሷ እንኳን ለብቻዋ ብነግራት ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምትክ ነበርኩ

እኔ ከወዲያኛው በኩል ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩት በወለደች ሴት ቦታ ነው። ውሌ ጊዜያዊ ነበር፣ እሷ እስክትመለስ። ሁሉም «ትመለሳለች» ይላል። እኔም ሌላ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ፣ አገኘሁ፣ ወጣሁ። እሷ ግን አልመለስም አለች፤ ለቅርብ ጓደኞቿ ስትወጣም ነግራቸው ኖሯል። የያዝኩትን ቦታ በቋሚነት ማመልከት እችል ነበር። አዲሱ ሥራ ደመወዙ ያነሰ፣ ከቤቴም ሩቅ።

ሳርቤት፣ ባንቺ ቦታ ሰው እየቀጠሩ ነው? ከሆነ ለሷ ወይም ለሱ ልትነግሪ ይገባል።

ሳርቤት እናት

አዎ፣ አንዲት ልጅ ቀጥረዋል። ከኔ ጋር ርክክብ ጀምራለች። የስድስት ወር ውል ነው ያላት። ጎበዝ ናት። እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ፐርሶኔል ነኝ

ለምትክ የጊዜ ገደብ ያለው ውል መስጠት ሕጋዊ ነው፣ አዋጁ ይፈቅደዋል። ግን በዚህ አልስማማም። ያልወሰነችውን ነገር ለአዲሷ ብትነግር ነገ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይደርሳል፣ እሱም «አትመለስም» ብሎ ቦታውን በቋሚ ሠራተኛ ይሞላዋል። በወረቀት መብት አለሽ፣ እውነት ነው። መብትን ለማስከበር ግን ሕፃን አዝሎ ሥራ ክርክር ችሎት መመላለስ አለ። ያንን አይቼዋለሁ፣ ለማንም አልመኘውም።

ምትክ ነበርኩ

እና የኔ ቢጤዋ በጨለማ ትቀመጥ?

ገንዘብ ያዡ

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሰው ነኝ። ስለ ደብዳቤውና ስለ ግሩፑ ተነግሯል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ፒቲ ካሽ እጅሽ ላይ ነው ብለሻል። ዕቁብ አለሽ? ለሰው ዋስ ሆነሻል? መሰናበቻ ከመጻፍሽ በፊት እነዚህን መልሺልኝ።

ሳርቤት እናት

አሜን ጋሼ፣ ማርያም ታክብርልኝ።

ዕቁብ አለኝ፣ የቢሮ ነው። በወር 5,000። ዕጣው ወጥቶልኛል፣ ለወሊድ ወጪ ተጠቀምኩበት። እስከ ሰኔ መክፈል አለብኝ። ዋስም ሆኛለሁ። የቀድሞ ባልደረባችን ሌላ ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ሲቀጠር፣ ከመሥሪያ ቤታችን የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ወስጄ ፈርሜለታለሁ።

ገንዘብ ያዡ

እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። ግሩፑ ላይ ያለ ሁሉ መልእክትሽን በአንድ ዓይን አያነበውም። «ከእናንተ ጋር አልሆንም» ስትይ የዕቁቡ ዳኛ የሚያነበው «ገንዘቡን ይዛ ልትሄድ ነው» ብሎ ነው። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ኃላፊነት ስላለበት ነው። ስለዚህ ለእሱ አስቀድመሽ በአካል ንገሪው። «ባለቤቴ በየወሩ በቴሌብር ይልክልሃል፣ ቀኑ ይኸው» በይ። ባለቤትሽንም አስተዋውቂው። ዋስ ጨምሪ ካለሽ ቅር አይበልሽ።

ዋስትናው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሥራ ስለለቀቅሽ ዋስትናው አይወርድልሽም። ውሉ ላይ እስከተጻፈው የገንዘብ መጠን ድረስ ያስርሻል። ኮፒው እጅሽ ላይ ከሌለ ፈልጊው። ብዙ መሥሪያ ቤት ደግሞ በዚያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ላይ «ሠራተኛዋ ሥራ ብትለቅ እናሳውቃለን» ብሎ ይጽፋል። ፈቃድ ላይ እስካለሽ ድረስ ሠራተኛ ነሽ፣ ዋስ የሆንሽለት ልጅ አይነካም። የለቀቅሽ ዕለት ግን ደብዳቤ ሊጻፍና ቀጣሪዎቹ «ሌላ ዋስ አምጣ» ሊሉት ይችላሉ። ዋስ በአንድ ቀን አይገኝም። እኔ በሥራ ዘመኔ ዋስ አጥቶ ሥራው የቆመበት ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ደውዪለት። «ገና አልወሰንኩም፣ አንተ ግን ካሁኑ አስብበት» በይው።

ሳርቤት እናት

ጋሼ፣ ይህ ከቶም ትዝ ያለኝ ነገር አልነበረም። የማረጋገጫ ደብዳቤውን ኮፒ አግኝቼዋለሁ። እንዳሉት ነው፣ «ስትለቅ እናሳውቃለን» ይላል። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።

ገንዘብ ያዡ

ጥሩ። ፒቲ ካሹን ስታስረክቢ ሦስተኛ ሰው ባለበት ይቆጠር። በእጅ ያለው ብርና ያልተወራረደው ደረሰኝ ተደምሮ ከተመደበው ጋር እኩል ይምጣ። አንድ ገጽ ጻፉና ሦስታችሁም ፈርሙ፣ አንዱ ኮፒ ቤትሽ ይቀመጥ። ከተመለስሽም ካልተመለስሽም ያስፈልግሻል። የባንክ ፈራሚ ከሆንሽ ድርጅቱ ለባንኩ በደብዳቤ ያሳውቅ። ስምሽ ቼክ ላይ እያለ አራስ ቤት አትቀመጪ።

ደረጀ ዘቃሊቲ

ጋሼ ትልቅ ሰው! በነገራችን ላይ አባቶችስ? እኔ ስወልድ ያገኘሁት ሦስት ቀን ነው። ሁለቱን ሆስፒታል ጨረስኩት።

ፐርሶኔል ነኝ

አዋጁ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ያንሳል ብትል አልከራከርህም። ግን የሳርቤትን ጉዳይ እንጨርስ።

እኔም ከጋሼ ንግግር አንድ ነገር ታየኝ። አንቺ የተቸገርሽው ያልወሰንሽውን ውሳኔ ለመናገር ነው። ውሳኔው ከሌለ የምትወስኚበትን ቀን ስጫቸው። ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ፈቃድሽ መጋቢት 30 ያልቃል። አልመለስም ካልሽ ደብዳቤው የካቲት 30 ወይም ከዚያ በፊት መግባት አለበት ማለት ነው። መጋቢትን ሙሉ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፣ አሠሪውም በድንገት ጥለሽኝ ሄድሽ ብሎ ካሳ የሚጠይቅበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ «እስከ የካቲት መጨረሻ አሳውቃችኋለሁ» በይ። ይሄ እውነት ነው፣ በርም አይዘጋም።

ምትክ ነበርኩ

ይሄ ይሻላል። የካቲት መጨረሻ ካወቀች ለአዲሷም ልጅ አንድ ወር አላት። እኔ ያ አንድ ወር አልነበረኝም።

ፐርሶኔል ነኝ

በዚህስ ተስማማን። ግን በቃል «ላልመለስ እችላለሁ» ብላ አትንገራት የሚለው አቋሜ አልተቀየረም።

ምትክ ነበርኩ

የኔም አልተቀየረም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ መልእክቱ ራሱ አንድ ነገር ልበል። «ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ» የሚለውን አውጪው። ማንን አስቀየምሽ? ይልቅ ያደረጉልሽን በስም ጥሪው። ገንፎ ላይ የመጡት፣ ስትወጪ ሥራሽን የሸፈኑልሽ። እንደዛ ስትጽፊ ነው ሰው ለሱ የተጻፈ የሚመስለው። «በግል ምክንያት» የሚለውም ይቅር። ሁሉም ልጅ እንደወለድሽ ያውቃል።

ሂክማ

አሁን ገባኝ ነገሩ። እኔ ጋ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ግቢው ውስጥ ሕፃናት ማቆያ አለ። በምሳ ሰዓት ወርጄ አጠባለሁ። ያ ባይኖር እኔም አንቺ የቆምሽበት ነበር የምቆመው። ለሥራ አስኪያጅሽ ስትወጪ የማህደር ክፍሉን ነገር ንገሪው እህቴ። ከኋላሽ የምትወልድ አለች።

ሳርቤት እናት

ሁላችሁም ተባረኩ። እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ በጽሑፍ አስገባሁ። እንደተባልኩት ቀኑንና የሥራ መደቡን ጻፍኩ። «ደብዳቤውን አዘጋጃለሁ» ብሏል። ስለ ማህደር ክፍሉም ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ደነገጠ። መቆለፊያ ይገጠማል ብሏል፣ እስካሁን አልተገጠመም።

ዋስ የሆንኩለት ልጅ ደንግጦ ዝም አለ፣ ከዚያ «እህቴ፣ እንኳን ነገርሽኝ» አለኝ። አጎቱን ሊጠይቅ ነው። የዕቁቡ ዳኛ ባለቤቴን በስልክ አናግሮ ተስማማ።

ከአዲሷ ልጅ ጋር ርክክቡን ስንሠራ ያየሁት ነገር አለ። የደመወዝ ፋይሉ ውስጥ የሌለ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ያለ ብዙ ነገር ነበር። አንድ ሹፌራችን ከድርጅቱ ብድር ወስዶ በወር 1,500 ይቆረጥበታል። የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ወር ግን አትቁረጪብኝ ብሎኝ፣ ሥራ አስኪያጁም በቃል ፈቅዶ፣ እዘለዋለሁ። ይህ የትም አልተጻፈም። ባልነግራት ኖሮ ጥቅምት ላይ ቆርጣበት ነበር። እሷም ጥፋተኛ አትሆንም፣ እሱ ግን የልጁን ክፍያ ያጣል። እንዲህ ያሉትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፍኩ፣ ሥራ አስኪያጁም ፈረመበት። የደመወዝ ግብርና ጡረታ መዋጮ እስከ ቀጣዩ ወር መጨረሻ መከፈል እንዳለበትም የቀን መቁጠሪያዋ ላይ አብረን አከበብን።

አዲሱ መልእክት ይኸው፦

«ውድ ጓደኞቼ፣ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ለስድስት ወር ፈቃድ እወጣለሁ። ልጄን የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ መመለሴን ገና አልወሰንኩም። እስከ የካቲት መጨረሻ ወስኜ አሳውቃችኋለሁ፣ ከሌላ ሰው አትሰሙትም።

ሆዴ ገፍቶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ሰነዶቼን ሦስተኛ ፎቅ እያመላለሳችሁ ያስፈረማችሁልኝን፣ አራስ ሳለሁ ደመወዝ የሠራችሁልኝን፣ ቤቴ መጥታችሁ ልጄን የመረቃችሁልኝን አልረሳም። መጋዘን ያላችሁ፣ በዚያ ሁሉ ሥራ መሃል ጠዋት ጠዋት ቡና ስላስቀመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ደመወዝን የሚመለከት ጥያቄ ለአዲሷ ባልደረባችን አቅርቡ፣ ሁሉን ታውቃለች። እኔንም በስልክ ታገኙኛላችሁ፣ ቢቻል ከሰዓት፣ ልጁ ሲተኛ። መስከረም 30 ከምሳ በኋላ ቡና አፈላለሁ። ኑልኝ።»

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አሁን አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ፐርሶኔል ነኝ

«ገና አልወሰንኩም» የሚለውን እኔ ብሆን አወጣው ነበር። የካቲቱ ብቻ ይበቃል። ግን መልእክቱ ያንቺ ነው።

ሳርቤት እናት

አስቤበታለሁ። አዲሷ ልጅም ግሩፑ ላይ ናት። ለሷ ለብቻዋ ሹክ ከምላት ሁሉም እኩል ቢሰማው ብዬ ነው የተውኩት። ሥራ አስኪያጁም ያንብበው።

ምትክ ነበርኩ

እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ገንዘብ ያዡ

ልጄ፣ ሁለት ነገር። ስልኩን «ከሰዓት» ብለሽ መወሰንሽ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው የደመወዝ ሳምንት ግን መደወላቸው አይቀርም፣ ያን ሳምንት ታገሻቸው። ሌላው፣ ሥራ አስኪያጁ «አዘጋጃለሁ» ያለው ደብዳቤ ማህተሙ አርፎበት እጅሽ ሳይገባ ይህን መልእክት አትልቀቂው። ቡናውንም ቢሆን ቀኑን ግፊው።

ሳርቤት እናት

እሺ ጋሼ። ደብዳቤው ለሐሙስ ተብሏል። እስከዚያ መልእክቱ ስልኬ ላይ ይቆያል።